በ158 ሣንቲ ሜትር ገደብ ትልቁ ሻንጣ የቱ ነው?

ብዙ አየር መንገዶች ወደ ጭነት ክፍል ለሚገባ ሻንጣ የሚፈቅዱት መጠን 158 ሣንቲ ሜትር ነው። ቁጥሩ የርዝመት ብቻ ወይም የቁመት ብቻ አይደለም፤ ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት ተደምረው ነው፤ ጎማውና እጀታውም ይቆጠራሉ። ገደቡ የተጣለው በድምሩ ላይ ይሁን እንጂ ተጓዡ የሚፈልገው ብዜቱን ነው። ሻንጣው የሚይዘው ዕቃ የሚለካው ሦስቱ ተባዝተው ነውና። 100 በ40 በ18 የሆነ ረጅምና ቀጭን ሻንጣ ድምሩ 158 ሆኖ የሚይዘው 72 ሊትር ብቻ ነው። 76 በ50 በ32 የሆነው ደግሞ በዚያው ድምር 121.6 ሊትር ይይዛል። እንግዲህ ድምሩ ሳይለወጥ ብዜቱ እስከ ስንት ሊደርስ ይችላል?

ከሦስት ቁጥር በፊት በሁለት መጀመር ይቀላል። ድምራቸው 20 የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን እንውሰድ። 10 በ10 ሲባዛ 100 ነው፤ 9 በ11 99፣ 8 በ12 96፣ 7 በ13 ደግሞ 91። ከ100 የጎደለው በተራ 1፣ 4፣ 9 ነው፤ የ1፣ የ2 እና የ3 ስኩዌር ማለት ነው። ከመካከሉ በ d ብንርቅ ብዜቱ (10 + d)(10 − d) = 100 − d² ይሆናል። ስኩዌር ደግሞ ከዜሮ በታች ስለማይወርድ በመራራቅ የሚገኝ ትርፍ የለም። ይህን እውነት ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት በጻፈው ‹‹ኤለመንትስ›› ሁለተኛ መጽሐፍ በሥዕል አሳይቶታል።

ወደ ሻንጣው ስንመለስ ይኸው ዘዴ ይሠራል። ከ76፣ 50 እና 32 ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ድምራቸውን ሳንነካ እናስተካክላቸው፤ 63 እና 63 ይሆናሉ፤ ይዘቱም ወደ 127 ሊትር ይወጣል። አንዱን 63 እና 32ን ብናስተካክል ሁለቱ 47.5 ይሆኑና ይዘቱ 142 ሊትር ይደርሳል። አንድ ጊዜ ስንደግመው 145 ሊትር ነው። እርምጃው እያጠረ ይሄዳል፤ ሦስቱም ጎኖች ወደ አንድ ቁጥር፣ ወደ 158 ሲሶ፣ ይጠጋሉ። እኩል ያልሆነ ሻንጣ ሁሉ በዚህ መንገድ ሊሻሻል ስለሚችል ትልቁ ሻንጣ ኩቡ ነው ብሎ መደምደም ያጓጓል።

ይህ ድምዳሜ ግን ቀዳዳ አለው። በዚያው አካሄድ ትልቁ ሙሉ ቁጥር 1 ነው ብሎ ‹‹ማረጋገጥ›› ይቻላል። ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም ቁጥር በራሱ ሲባዛ ከራሱ የሚበልጥ ቁጥር ይሰጣል፤ ስለዚህ ትልቁ እሱ አይደለም፤ የሚቀረው 1 ብቻ ነው! ስሕተቱ ያለው ከመነሻው ነው፤ ትልቅ የሚባል ቁጥር መኖሩን ማንም አላረጋገጠም። ለሻንጣው ግን ቀዳዳውን መድፈን ይቻላል። እያንዳንዱ ጎን ከ0 እስከ 158 ባለው ክልል ውስጥ ታጥሯል፤ ይዘቱም ጎኖቹ ሲለወጡ ሳይዘል በለሆሳስ ይለወጣል። እንዲህ ባለ ዝግና ውስን ክልል ላይ አንድ ትልቅ ዋጋ የግድ መኖሩን የካልኩለስ ትምህርት ያረጋግጣል። ይህን ነጥብ አልፈውት የሚሄዱ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ መልሳቸው ትክክል ስለሚሆንላቸውም ጉድለቱ አይታወቃቸውም።

አሁን ወደ ላግራንዥ እንምጣ። ጆሴፍ ሉዊ ላግራንዥ በ1736 በቱሪን ተወልዶ በ1813 በፓሪስ ያረፈ የሒሳብ ሊቅ ሲሆን፣ በስሙ የሚጠራውን የአባዢ ዘዴ በ1788 ባሳተመው የሜካኒክስ መጽሐፉ ተጠቅሞበታል። ሐሳቡን ያለ ብዙ ምልክት መረዳት ይቻላል። ርዝመቱን x፣ ስፋቱን y፣ ውፍረቱን z እንበል። በርዝመቱ ላይ አንድ ሣንቲ ሜትር ብንጨምር ይዘቱ በ yz ያድጋል። በስፋቱ ላይ ብንጨምር በ xz፣ በውፍረቱ ላይ ብንጨምር ደግሞ በ xy። በ76 በ50 በ32 ሻንጣ ላይ ርዝመቱን በአንድ ሣንቲ ሜትር ማሳደግ የሚያስገኘው 1,600 ኪዩቢክ ሣንቲ ሜትር ሲሆን ውፍረቱን ማሳደግ ግን 3,800 ያስገኛል። እንግዲያው ከርዝመቱ አንድ ሣንቲ ሜትር ቀንሶ ለውፍረቱ መስጠት ያዋጣል። ተደርጎ ሲታይ 75 በ50 በ33 የሚይዘው 123,750 ነው፤ ከቀድሞው በ2,150 ይበልጣል።

እንዲህ ያለ ቅያሬ የሚያዋጣ እስከሆነ ድረስ ገና ከጫፍ አልደረስንም። ከጫፍ የሚደረሰው ሣንቲ ሜትሩን ለማንኛውም ጎን ብንሰጥ ትርፉ እኩል ሲሆን ነው። ያ የጋራ ትርፍ ላምዳ በምትባል የግሪክ ፊደል ይጻፋል፤ የላግራንዥ አባዢ የሚባለውም እሱ ነው።

yz = λ,  xz = λ,  xy = λ,  x + y + z = 158

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ x = y መሆኑን ይነግሩናል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ y = z መሆኑን። ስለዚህ እያንዳንዱ ጎን 52.67 ሣንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ይዘቱም 146 ሊትር። λ ራሷ 2,774 ትሆናለች፤ እሷም ትርጉም የሌላት ረዳት ምልክት አይደለችም። አየር መንገዱ ገደቡን ከ158 ወደ 159 ቢያሳድገው ትልቁ ሻንጣ በስንት እንደሚጨምር አስቀድማ ትገምታለች። እውነቱን ብናሰላ 53 በ53 በ53 ሲባዛ 148,877 ነው፤ ጭማሪውም 2,791። ግምቷ ብዙም አልራቀም። እኔ በላግራንዥ ዘዴ ከምንም በላይ የምወደው ይህን ነው፤ መልሱን ብቻ ሳይሆን የገደቡን ዋጋም ይነግራል።

ሆኖም ዘዴው የሚያቀርበው ዕጩዎችን ነው። እኩልታዎቹን ስናካፍል ከጎኖቹ ማንኛቸውም ዜሮ እንዳልሆኑ ሳንናገር ወስደናል። ዜሮን ካልከለከልን 158፣ 0፣ 0 እኩልታዎቹን ሁሉ ያሟላል፤ ይዘቱ ግን ባዶ ነው። ከዚህ የባሰም አለ። ከዜሮ በታች የሆኑ ቁጥሮችን ብንፈቅድ −100፣ −100 እና 358 ድምራቸው 158 ነው፤ ብዜታቸው ግን 3,580,000 ይሆናል፤ ከኩቡ ከሃያ አራት እጥፍ በላይ! በዚህ ጊዜ ትልቅ የሚባል ብዜት ጭራሽ የለም፤ እኩልታዎቹ ግን አሁንም 52.67ን ያቀርባሉ እንጂ ምንም አያስጠነቅቁም። ጎኖቹ ከዜሮ በታች አይሆኑም የሚለውን መጻፍ ያለበት ሠሪው ራሱ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ካልኩለስ አይጠይቅም። ተራው አማካይ ቁጥሮቹን ደምሮ በብዛታቸው ማካፈል ነው። ጂኦሜትራዊ አማካይ የሚባለው ደግሞ ቁጥሮቹን አባዝቶ፣ ሦስት ከሆኑ ሦስተኛ ሩታቸውን መውሰድ ነው። ከዜሮ በታች ላልሆኑ ቁጥሮች ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይበልጥም፤ እኩል የሚሆኑትም ቁጥሮቹ ሁሉ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። ለሻንጣው ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

xyz ≤ ((x + y + z) / 3)³ = (158 / 3)³

በአንድ መስመር አለቀ። ትልቅ ዋጋ አለ ወይ ብሎ መጨነቅ የለም፤ ጣሪያው ተነግሯል፤ ኩቡ ጣሪያውን ይነካል፤ ሌላ የሚነካው የለም።

ፈረንሳዊው ኮሺ በ1821 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ያረጋገጠበት ብልሃት መታየት አለበት። ለሁለት ቁጥሮች ከላይ አይተነዋል። ለአራት ሲሆን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሁለት ጊዜ መጠቀም ይበቃል። አስቸጋሪው ሦስት ነው። ኮሺ ከአራት ወደ ሦስት ወደ ኋላ ይመለሳል። የሦስቱን አማካይ m ብለን እሱኑ አራተኛ ቁጥር አድርገን እንጨምረው። የአራቱም አማካይ ያው m ነው፤ ስለዚህ xyz·m ≤ m⁴። ሁለቱንም ወገን በ m ስናካፍል xyz ≤ m³ ይቀራል። ከዚህ ያጠረና የጠራ ማረጋገጫ ማግኘት ይከብዳል።

ገደቡ ትንሽ ሲጣመም ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ለአብዛኛው ጥቅል የሚጠቀምበት ደንብ ርዝመቱና የወገቡ ዙሪያ ተደምረው ከ108 ኢንች እንዳይበልጡ ነው፤ ማለትም x + 2y + 2z = 108። እዚህ ላይ ሦስቱን ጎኖች እኩል ነው ብሎ 21.6 የሚጽፍ ሰው 10,078 ኪዩቢክ ኢንች ያገኛል፤ ትልቁ ግን እሱ አይደለም። ቋሚ የሆነው የ x፣ y እና z ድምር ስላልሆነ ኢ-እኩልነቱ በእነሱ ላይ አይሠራም። ቋሚ ድምር ያላቸው x፣ 2y እና 2z ናቸው። እነሱን ስናስተካክል እያንዳንዳቸው 36 ይሆናሉ፤ ሳጥኑም 36 በ18 በ18፣ ይዘቱም 11,664። ላግራንዥ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ማስተዋል አያስፈልግም፤ yz = λ, xz = 2λ, xy = 2λ ብሎ መጻፍ ብቻ ወደዚያው መልስ ይወስዳል። ብልሃቱ ቶሎ ለማይታየው ሰው የላግራንዥ መንገድ አስተማማኝ ነው፤ ብልሃቱ ለታየው ግን ኢ-እኩልነቱ ያጥራል፤ ማረጋገጫውንም አብሮ ይዞ ይመጣል።

ኢ-እኩልነቱም የራሱ ወጥመድ አለው። የሻንጣው ውፍረት ከ32 ሣንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ቢወሰንስ? 146 ሊትር የሚለው ጣሪያ አሁንም ሐሰት አይደለም፤ ግን ማንም አይደርስበትም፤ ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ነው። የሚታወቀውም ‹‹እኩል የሚሆኑት መቼ ነው?›› ብሎ በመጠየቅ ነው። 52.67 ሲመጣና ውፍረቱ ያን ያህል መሆን እንደማይችል ሲታይ ጣሪያው ባዶ ተስፋ ይሆናል። ያን ጊዜ ውፍረቱን 32 ላይ አቁሞ የቀረውን 126 ለሁለት ማካፈል ነው፤ 63 በ63 በ32፣ ማለትም 127 ሊትር። እዚህ ሻንጣ ላይ ትርፎቹ እኩል አይደሉም፤ ለርዝመትና ለስፋት 2,016፣ ለውፍረት 3,969 ነው። ይህ ግን ስሕተት አይደለም፤ ይበልጥ የሚያተርፈው ጎን እንዳያድግ ታግዷልና።

ኩብ ሻንጣ ለማዘዝ ለሚያስብ አንባቢ የሚቀረው ኪሎው ነው። በብዙ አየር መንገዶች ተራ ክፍል ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀደው 23 ኪሎ ነው። የሽሮው ዱቄት በሊትር ግማሽ ኪሎ ቢመዝን 146 ሊትሩ 73 ኪሎ ይሆናል፤ ሚዛኑ ግን በ46ኛው ሊትር ላይ ይሞላል።