አንድ ቅኝት፣ አንድ አልበም

ጀማሪ ባንድ ስለ መጀመሪያ አልበሙ ሲመካከር ወሬው ወዲያው ግጥም ላይ ይወድቃል። አንዱ «ስለ ስደት ይሁን» ይላል፣ ሌላው «ስለ ሰፈራችን»። ግጥሞቹ ይጻፉና አንዱ በሬጌ፣ አንዱ በሮክ፣ አንዱ በጉራጊኛ ምት ይሠራል። አልበሙ ሲወጣ አንድ የሚያደርገው ሽፋኑ ላይ ያለው ርዕስ ብቻ ይሆናል። ጭብጥ ማለት ታሪክ ነው የሚለው እምነት ብዙ ጎበዝ ልጆችን አሳስቷል። አልበምን አንድ መልክ የሚሰጠው ከታሪኩ ይልቅ ባንዱ በራሱ ላይ የሚጥለው ገደብ ነው።

ኃይሉ መርጊያን እንውሰድ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ «ሸሞንሟናዬ»ን ሲሠራ የቆዩ ዜማዎችን በአኮርዲዮን፣ በሲንተሳይዘር፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖና በከበሮ ማሽን ብቻ ተጫወታቸው። አልበሙ ታሪክ አይተርክም፤ ግን ከየትኛውም ዘፈን ጥቂት ሰኮንድ የሰማ ሰው የማን እንደሆነ አይስተውም።

እኔ ለጀማሪ ባንድ የምመክረው ገደብ ቅኝት ነው፤ አልበሙን በሙሉ በአንድ ቅኝት መሥራት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አምስት አምስት ድምፅ እንዳላቸው ሙዚቃ የነካ ሁሉ ያውቃል። ትዝታን ግን ተዉት። በማይነር ትዝታ ላይ ሳክስፎን ጨምሮ «ኢትዮ ጃዝ» ብሎ ፖስተር መለጠፍ የሰነፍ ሥራ ሆኗል። የተናቀው አንቺሆዬ ነው።

ከዶ ስንነሳ አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል እና ላ ነው። እዚህ ውስጥ ሶል የለም። በሌሎቹ ሦስት ቅኝቶች ከመነሻው ላይ አምስተኛው ድምፅ ሁልጊዜ አለ፤ ቤዝ ተጫዋችም እጁ ከዶ ወደ ሶል መዝለል ለምዷል። በአንቺሆዬ ይህን ሲያደርግ ዘፋኟ ከያዘችው ሶል ቤሞል ጋር በግማሽ ድምፅ ይጋጫል። አንድ ልምምድ ላይ ዘፋኟን «ከቅኝት ወጣሽ» እያሉ ሲወቅሷት ሰምቻለሁ፤ የወጣው ቤዙ ነበር። ጊታሪስቱም ዶ ላይ ፓወር ኮርድ ሲመታ ያንኑ ሶል ይዞ ይገባል። ስለዚህ ቤዙ ከዶ ወደ ፋ ወይም ወደ ላ ይሂድ።

ኮርድ የሚገኘው ከራሱ ከቅኝቱ ነው። ፋ፣ ላ እና ዶ ሜጀር ኮርድ ይሆናሉ፤ ሶል ቤሞል፣ ላ እና ሬ ቤሞል ደግሞ ማይነር። ሁለቱ በግማሽ ድምፅ ብቻ ተራርቀው ጎን ለጎን ስለሚቆሙ ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለስ ብቻውን የአልበሙ መታወቂያ ሊሆን ይችላል።

አደጋው ግን እዚሁ ነው። የፋ ኮርድ ሲደጋገም ጆሮ ቤቱ ፋ ይመስለዋል፤ አንቺሆዬም ሳይታወቅ ይጠፋል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ዘፈኑን መሀል ላይ አቁማችሁ ሁላችሁም ማረፊያውን ድምፅ አንጎራጉሩ። ብዙዎቻችሁ ፋን ካላችሁ ቤዙ ዶን ይዞ ይቆይ፣ ዜማውም ዶ ላይ ይረፍ። ከዶ በላይ የሶል ቤሞል ኮርድ ይጎረብጣል፤ ወደ ላይ አውጥታችሁ በአጭሩ ንኩት።

«ስምንት ዘፈን በአንድ ቅኝት አይሰለችም?» ትሉኛላችሁ። ምቱ ካልተለወጠ ይሰለቻል። ሁለቱን በችክችካ፣ አንዱን ያለ ከበሮ በልቅ አካሄድ፣ አንዱን በቀስታ ሬጌ ሥሩ፤ አንዱን ዘፈን ለክራር ብቻ ስጡት። መነሻውን ድምፅ ግን በየዘፈኑ አትለዋውጡ። ሁሉም ከአንድ መነሻ ከተነሱ ክራሩ በመድረክም በስቱዲዮም እንደ አዲስ መቃኘት አያስፈልገውም፤ በሰዓት ለሚከፍል ባንድ ይህ ገንዘብ ነው። ስለዚህ መነሻው ለዘፋኟ ድምፅ የሚመች መሆኑን ግጥም ከመጻፋችሁ በፊት ፈትሹ።

መሲንቆ ካላችሁ ኪቦርዱን አታስቀድሙበት። የመሲንቆ ጣት ድምፁን ከፒያኖው ቁልፍ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይይዛል፤ ይህን እንደ ስህተት ቆጥረው በኮምፒውተር የሚያቃኑ አሉ፣ ነውር ነው። መሲንቆውንና ድምፁን መጀመሪያ ቅረጹ፤ ኪቦርዱ በኋላ ገብቶ ረጅም ኮርድ ሳይዝ ክፍተት ይሙላ።

ካዘጋጃችሁት ስምንት ዘፈን ወደ ቅኝቱ የገቡት አራት ብቻ ከሆኑ አራቱን አውጡ። የቀሩት ጥሩ ዘፈኖች ቢሆኑም ለሁለተኛው አልበም ይቆዩ።