ሁለት አንቀጽ፣ አንድ ቆጣሪ

ሥራዬ ለሆቴሎችና ለእንግዳ ማረፊያዎች የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ መሸጥ ነው። ከዕቃው በላይ ጊዜዬን የሚወስደው ግን ኢሜይል ነው። አንድ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ማወቅ የሚፈልገው እንደ እሱ ያለ ሆቴል ይህን ዕቃ ገጥሞ ምን እንዳገኘ ነው። ስለዚህ በሁለት አንቀጽ የአንድን ደንበኛ በፊትና በኋላ እጽፍለታለሁ። ሁለት አንቀጽ ያልኩት አብዛኞቹ በስልካቸው፣ ከእንግዳ መቀበያው ወደ ኩሽና ሲሄዱ ስለሚያነቡት ነው። ባለፈው ጥቅምት የጻፍኩትን አንዱን እንዴት እንደደረስኩበት ልናገር።

ደንበኛው በአንድ የሐይቅ ከተማ የሚገኝ ባለ 42 ክፍል ሆቴል ነው። ቁጥሮቹን እዚህ የማነሳው በፈቃዳቸው ነው። ሙቅ ውኃቸው በማሽን ክፍል ካለ አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ቦይለር ይመጣ ነበር። በጥቅምት 2017 ጣሪያው ላይ እያንዳንዳቸው 300 ሊትር የሚይዙ 12 የፀሐይ ማሞቂያዎች ተከልን። ውኃው መጀመሪያ እዚያ ይሞቃል፤ ቦይለሩ የጎደለውን ብቻ ይሞላል።

የመጀመሪያ ረቂቄ የተመሠረተው የሒሳብ ክፍሉ በሰጠኝ የመብራት ቢል ላይ ነበር። ከብር ወደ ብር አወዳደርኩና የወጣው ቅናሽ ጥቂት ሆነብኝ። ግራ ገባኝ፤ ምክንያቱም ውኃው በፀሐይ ሲሞቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ቆይቶ ሲገባኝ ቢሉ ውስጥ ሦስት ነገር ተደባልቋል። የኤሌክትሪክ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ ያው ፍጆታ እንኳ ከዓመት ዓመት ብዙ ብር ያስከፍላል። ቢሉ የኩሽናውን፣ የልብስ ማጠቢያውንና የመብራቱን ፍጆታ ሁሉ ይዟል። ሦስተኛው ደግሞ ሆቴሉ በሁለተኛው ዓመት ብዙ እንግዳ አስተናግዷል። ብዙ ሰው ከታጠበ ብዙ ውኃ ይሞቃል።

ያዳነኝ የሆቴሉ ኤሌክትሪሺያን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ደብተር ነው። ጋሼ የቦይለሩ መስመር ላይ ለብቻው ቆጣሪ ካስገቡ ቆይተዋል። በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያነቡታል። ደብተሩ የዘይት እድፍ ያለበት፣ ጥጉ የተጣጠፈ ነው፤ በግራ ቀኑ፣ በመሐል የቆጣሪው ንባብ፣ በቀኝ ደግሞ የሆነ ነገር ካለ በቀይ እስክሪብቶ ይጻፋል። የጥር 2016 ገጽ ላይ ለአራት ቀናት «ሬዚስታንስ ተቃጥሏል» ይላል።

«እነዚህን አራት ቀኖችስ ምን ላድርጋቸው ጋሼ?» ስላቸው፣

«ቦይለሩ ካልሠራ እንግዳው በምን ታጠበ? አውጪያቸው እንጂ ልጄ፤ የዚያን ቀን የተሸጠውንም ክፍል አብረሽ አውጪ» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ፍጆታውን ብቻ አውጥቼ የተሸጡትን ክፍሎች ብተዋቸው የ«በፊት» ቁጥር ያለአግባብ ዝቅ ይል ነበር። ከዚያ ከእንግዳ መቀበያው የተሸጡትን ክፍሎች በየቀኑ ወሰድኩ። ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት 2016ን ከ2017 ተመሳሳይ ወራት ጋር አስተያየሁ። ሦስቱም ባለ 30 ቀን ወራት ናቸው፤ ደረቅ፣ ሌሊታቸው ቀዝቃዛ፣ ቀናቸው ፀሐያማ። በፊት ቦይለሩ 11,340 ኪሎዋት ሰዓት በልቶ 2,100 ክፍል ተሸጧል፤ በአንድ ክፍል 5.4 ማለት ነው። በኋላ 5,460 በልቶ 2,600 ክፍል ተሸጧል፤ በአንድ ክፍል 2.1። ጠቅላላውን ፍጆታ ብቻ ብናይ ቅናሹ 52 በመቶ ነው፤ በተሸጠ ክፍል ሲታይ ግን 61 በመቶ ይሆናል። ማሞቂያው የሠራውን ሥራ የሚናገረው ሁለተኛው ነው።

ቁጥሩን ከመላኬ በፊት አንድ ማጣሪያ አለኝ። አንድ መቶ ሊትር ውኃን ከ18 ዲግሪ ወደ 58 ለማድረስ 4.65 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ 5.4 ማለት በአንድ ክፍል ወደ 116 ሊትር ሙቅ ውኃ ነው፤ በቱቦው ላይ የሚባክነውን ሙቀት ጨምሮ ሁለት ሰው ለሚያድርበት ክፍል የሚታመን ነው። ቁጥሩ 15 ቢወጣ ኖሮ ወይ ቆጣሪው ሌላ መስመርም ይዟል፣ ወይ የሆነ ቦታ ሙቅ ውኃ ይፈሳል እል ነበር። ኢሜይሉን የሚቀበለው ሰው መሐንዲስ ካለው ይኸው ሒሳብ በአምስት ደቂቃ ይሠራበታል።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ለአንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት በጻፍኩት ኢሜይል ላይ የሌላ ደንበኛን ውጤት «ከግማሽ በላይ ቀንሷል» ብዬ ነበር። ገዙ። ነሐሴ ላይ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ግማሽ ያልሽኝ የት ሄደ?» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ነው የከበደኝ። የጻፍኩት ቁጥር እውነት ነበር፤ የበጋ ወራት መሆኑን ግን አልጻፍኩም። በክረምት ሰማዩ ለቀናት ተዘግቶ ሲውል ማሞቂያው ውኃውን ለብ ያደርገዋል እንጂ አያሞቀውም፤ የቀረውን ቦይለሩ ይሸከመዋል። ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወራቱን የማይጠቅስ ቁጥር አልላክሁም። የዚህ የሐይቅ ከተማ ሆቴል ቁጥር በሐምሌና ነሐሴ 3.9 ነበር። የሽያጭ ኃላፊያችን «እሱን ተይው፣ ካነሱት ያኔ ትመልሻለሽ» ብሎኝ ነበር። አልተውኩትም። ገዢው ክረምትን ለብቻው ሲያገኘው የጠፋው እምነት በምንም ቁጥር አይመለስም።

ሲያልቅ የላክሁት ይህ ነው። ርዕሱ፦ «የአንድ ሆቴል ሙቅ ውኃ፦ በተሸጠ ክፍል ከ5.4 ወደ 2.1 ኪሎዋት ሰዓት»።

«የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ ከ40 እስከ 50 ክፍል ያለው አንድ ደንበኛችን እስከ 2016 ድረስ ሙቅ ውኃውን በሙሉ ያገኝ የነበረው በማሽን ክፍል ካለ አንድ የኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። ለቦይለሩ ብቻ በተገጠመ ቆጣሪ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት 2016 በአንድ የተሸጠ ክፍል 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጅ ነበር። ጠዋት እንግዳ ሲበዛም ውኃው ይቀዘቅዝባቸው ነበር።

በጥቅምት 2017 በጠቅላላው 3,600 ሊትር የሚይዝ የፀሐይ ማሞቂያ ከቦይለሩ በፊት ገጠምን። በተመሳሳዩ ሦስት ወራት በ2017 ፍጆታው በአንድ ክፍል 2.1 ሆኗል። በሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ስለምታንስ 3.9 ነበር፤ ስለዚህ ቦይለሩ አልተነሳም። ይህ ለእርስዎ ሆቴል ይሠራ እንደሆነ ለመገመት አንድ ነገር ቢነግሩን፦ ሙቅ ውኃዎ ከአንድ ማሽን ክፍል ነው የሚመጣው ወይስ በየመታጠቢያ ቤቱ ለብቻው ቦይለር አለ?»

የመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ የድርጅታችን ስም እንኳ የለም። ያንን አንቀጽ ሲያነብ ሥራ አስኪያጁ የራሱን ማሽን ክፍል ካላየበት ሁለተኛው አንቀጽ ምንም አይጠቅመውም። ለዚህ ነው የቀዝቃዛውን ጠዋት ዓረፍተ ነገር ያስገባሁት፤ ያን ቅሬታ እንግዳ መቀበያው ላይ ሰምቶታል።

ከኢሜይሉ ያወጣሁትም አለ። 2,100 እና 2,600 የተሸጠ ክፍል የሚሉትን ቁጥሮች አልጻፍኩም። ሆቴሎች ስንት ክፍል እንደሚሸጡ ለተፎካካሪያቸው እንዲታወቅ አይፈልጉም፤ 42 ክፍል ለ90 ቀን ስንት እንደሆነ የሚያባዛ ሰው ገበያቸውን ወዲያው ያውቀዋል። ስለዚህ የክፍሉን ብዛት በግምት አድርጌ የአንዱን ክፍል ፍጆታ ብቻ አስቀረሁ። ሁለቱን አንቀጽ ለሐይቁ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ከመላኬ በፊት አሳየኋቸው። የከተማውን ስም አስወጡኝና «ሂጂ ላኪው» አሉ።

መጨረሻ ላይ ያለው ጥያቄ ለጨዋነት የገባ አይደለም። ቦይለር በእኛ አገር ሁለት ነገር ነው፤ የማሽን ክፍሉን ትልቁንም፣ በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ትንሹንም ቦይለር እንላለን። በየመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ ቦይለር ያለው ሆቴል ከጣሪያ ወደ ክፍሎች የሚወርድ የሙቅ ውኃ ቱቦ ብዙ ጊዜ የለውም። ግድግዳ መሰንጠቅ፣ ሴራሚክ ማንሳት፣ ክፍል መዝጋት ይመጣል። ባለ 45 ክፍል ሆቴል ሆኖ፣ ኮከቡም ከሐይቁ ሆቴል እኩል ሆኖ፣ ለዚህ ጉዳይ ግን ፈጽሞ ላይመስለው ይችላል። የደንበኛን ተመሳሳይነት በክፍል ብዛትና በኮከብ ስለካ ብዙ ጊዜ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። «በየመታጠቢያ ቤቱ ነው» ይላል፤ ከሥርም «በክረምት 3.9 ማለትዎን አይቻለሁ» የሚል ተጨምሮበታል። ስለዚህ የላክሁላቸው ምሳሌ ለእነሱ አይሆንም። ይህንኑ ጻፍኩላቸው፤ በየመታጠቢያ ቤቱ ቦይለር ያለው ደንበኛ ላይ የተለካ ውጤት ገና እንደሌለን፣ ከተስማሙ ግን ለሦስት ክፍሎች ቦይለር ቆጣሪ በእኛ ወጪ እንደምንገጥም ነገርኳቸው። ተስማሙ። ጋሼን ለምኜ የደብተራቸውን አንድ ገጽ ፎቶ አንስቼ ለዚያ ሆቴል ኤሌክትሪሺያን ላክሁ፤ ቀን፣ ንባብ፣ ቀይ እስክሪብቶ። ቆጣሪዎቹ ከኅዳር 1 ጀምሮ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይነበባሉ።