ወፍራም የማንጎና የወተት መጠጥ አዘገጃጀት
በረዶ የሆነ ፍሬ መጠን፣ እንዳይቀጥንና በጥርስ ላይ እንዳይንቋቋ

ማንጎ በአንድ ወቅት ተደራርቦ የሚደርስ ፍሬ በመሆኑ፣ በዚያ ሰሞን ዋጋው ይወድቃል፤ ያልተሸጠውም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላሻል። ጭማቂ ቤት ያላቸው የፍራፍሬ አምራቾች የኅብረት ሥራ ማህበራት የተረፈውን ማንጎ ልጠውና ቆራርጠው በፍሪዘር ቢያስቀምጡ፣ ወቅቱ ካለፈም በኋላ ከወተት ጋር ፈጭተው ሊሸጡት ይችላሉ። ይህ ወፍራም መጠጥ በከተማ ሚልክ ሼክ ወይም ስሙዚ እየተባለ ይጠራል።

ደንበኛው ብርጭቆውን የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ ምክንያት ነው። አንደኛው መጠጡ ሲቀጥን ነው፤ ሲቀርብ ወፍራም የነበረው ትንሽ እንደቆየ ከታች ውሃ ያቀራል፣ ከላይ አረፋ ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው ደግሞ መጠጡ የተፈጨ በረዶ መስሎ በጥርስ ላይ ሲንቋቋ ነው። ሁለቱ ጉድለቶች ተቃራኒ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ነው፤ እርሱም በብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ በምን መልክ እንደተያዘ አለማወቅ ነው።

የውፍረቱ ምንጭ

መጠጡን የሚያወፍሩት የፍሬው ሥጋ፣ የወተቱ ቅባትና ፕሮቲን፣ እንዲሁም ምላስ የማይለያቸው በጣም ደቃቅ የበረዶ ቅንጣቶች ናቸው። ቅንጣቶቹ ደቃቅና ብዙ ከሆኑ መጠጡ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ ትልልቅና ጥቂት ከሆኑ ይንቋቋል። ቀልጠው ካለቁ ደግሞ መጠጡን ይዞ የሚቀረው የፍሬው ሥጋና ወተቱ ብቻ ስለሚሆን፣ እነዚህ ቀድሞውንም በውሃ የተበረዙ ከሆነ መጠጡ ይቀጥናል።

በብዙ ጭማቂ ቤቶች የሚታየው አሠራር ትኩስ ማንጎን ከወተትና ከበረዶ ኩብ ጋር መፍጨት ነው። ይህን አሠራር አንደግፈውም። ምክንያቱን በቁጥር እንመልከት። ማንጎ ከመቶው 83 ያህሉ ውሃ ሲሆን 17 ያህሉ ጠጣር ነው፤ ወተት ደግሞ ከመቶው 12 ወይም 13 ጠጣር አለው። 300 ግራም ትኩስ ማንጎ፣ 150 ግራም ወተትና 150 ግራም በረዶ ብንፈጭ 600 ግራም መጠጥ እናገኛለን፤ ነገር ግን በረዶው ሲቀልጥ ከብርጭቆው አንድ አራተኛው ተራ ውሃ ይሆናል። የመጠጡ ጠጣር ከመቶ 11 ወይም 12 ላይ ይቆማል። በአንጻሩ 300 ግራም በረዶ የሆነ ማንጎ ከ200 ግራም ወተት ጋር ብንፈጭ ጠጣሩ ከመቶ 15 ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ቅዝቃዜውን የሚሰጠው ፍሬው ራሱ ስለሆነ ሲቀልጥም የሚወጣው የማንጎ ጭማቂ እንጂ ውሃ አይደለም። በረዶ መጨመር ብርጭቆውን የሞላ ያስመስላል፤ ደንበኛው ግን ሁለተኛ አይመለስም።

የምንመክረው መጠን

ለሁለት ብርጭቆ ከላይ የተመለከተውን፣ ማለት ሦስት እጅ በረዶ የሆነ ፍሬ ለሁለት እጅ ወተት፣ በሚዛን ለክቶ መጠቀም ይበቃል። እኩል በእኩል ቢደረግ መጠጡ በስትሮ የሚሳብ ቀለል ያለ ይሆናል። ፍሬው የወተቱን እጥፍ ሲሆን ደግሞ በማንኪያ የሚበላ ይሆናል፤ ይህንንም ተራ የቤት ጁስ መፍጫ አይችለውም። መጠኑን በብርጭቆ መስፈር አያዋጣም፤ የተቆራረጠ ፍሬ በመካከሉ ብዙ አየር ስለሚይዝ አንዱ ብርጭቆ ከሌላው ይለያያል። የወጥ ቤት ሚዛን የሌለው ማህበር 300 ግራም እየመዘነ በትናንሽ ከረጢቶች የሚያሽግበት አንድ ቀን ሚዛን ተውሶ መሥራት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ከረጢት የአንድ ጊዜ መፍጫ ነው።

ከ300 ግራሙ ውስጥ 100 ግራሙን ሙዝ ቢያደርጉት መጠጡ ይበልጥ ይለሰልሳል። ሙዙ ልጣጩ ነጠብጣብ ያወጣ፣ በደንብ የበሰለ ይሁን፤ ጥሬው አፍ ይይዛል። ከመቀዝቀዙ በፊት መላጥ አለበት፤ ከነልጣጩ በረዶ የሆነ ሙዝ በቀላሉ አይላጥም።

የወተቱ ሙቀት

ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ የሚቀረው ይህ ነው። ወተት ለጤና ሲባል መፍላት ወይም ፓስቸራይዝድ መሆን ይገባዋል፤ ማቀዝቀዝ ጀርም አይገድልምና። ይሁን እንጂ ጠዋት የፈላው ወተት በረድ እንዳለ ወደ መፍጫው ይገባል። 200 ግራም ወተት 20 ዲግሪ ላይ ሆኖ ከገባ፣ ወደ ዜሮ እስኪወርድ ድረስ 47 ግራም ያህል በረዶ ያቀልጣል። ያው ወተት ከማቀዝቀዣ 4 ዲግሪ ላይ ቢወጣ የሚያቀልጠው 9 ግራም ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ውሃ መሆኑ ነው፤ ይህም መጠኑን ሳይሳሳት የለካው ሠራተኛ እንኳ መጠጡ ለምን እንደቀጠነበት ያስረዳል። ስለዚህ ወተቱ በዋዜማው ፈልቶ ማደር አለበት። ስኳር የሚጨመር ከሆነም ወተቱ ገና ትኩስ ሳለ ይሟሟ። በቀዝቃዛ መጠጥ ላይ የተነሰነሰ ስኳር ሳይሟሟ ቀርቶ በጥርስ ላይ ስለሚንቋቋ በረዶ ነው ተብሎ ይሳሳታል። መለያው ቀላል ነው፦ በምላስ ላይ ሲያዝ በረዶ ቀዝቅዞ ወዲያው ይጠፋል፣ ስኳር ግን ቆይቶ ይጣፍጣል።

ፍሬውን በፍሪዘር ማድረቅ

የመንቋቋት ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመፍጫው ሳይሆን ከፍሪዘሩ ነው። ፍሬ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ውሃው ጥቂት ትልልቅ ቅንጣቶች ይሠራል፤ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ግን ብዙ ደቃቅ ቅንጣቶች ይሆናሉ። አምስት ኪሎ የተቆራረጠ ማንጎ በአንድ ፌስታል ታጭቆ ቢገባ መካከሉ ሳይቀዘቅዝ ብዙ ሰዓት ይቆያል፤ ሲወጣም እንደ ድንጋይ አንድ ላይ የተጣበቀ ስለሆነ በመዶሻ መሰበር ይኖርበታል።

ትክክለኛው አሠራር የሚከተለው ነው። ማንጎው በደንብ የበሰለ ሆኖ ታጥቦ ይላጣል፤ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ይቆረጣል። ላስቲክ በተነጠፈበት ትሪ ላይ ሳይደራረብና ሳይነካካ ይዘረጋና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ውስጥ ይገባል። በማግስቱ ድርቅ ብሎ ሲገኝ በከረጢት ተመዝኖ ይጨመራል፤ አየሩ በእጅ ተጨምቆ ይወጣና ይታሰራል። አየር ከቀረበት ከፍሬው የወጣ እርጥበት በከረጢቱ ውስጥ አመዳይ ሆኖ ይሰበሰባል፤ አመዳዩም ከፍሬው ጋር ሲፈጭ ይንቋቋል።

ከዘር የበቀለ የአገር ማንጎ ጭረቱ ብዙ ነው። ኬንትና ኪት የሚባሉት ዝርያዎች ጭረታቸው አነስተኛ ስለሆነ በቀጥታ ይቆረጣሉ። ጭረታሙን ግን አስቀድሞ ፈጭቶና በወንፊት አጥልሎ፣ በበረዶ ኩብ ማውጫ ሰሐን ማቀዝቀዝ ይሻላል።

መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ አንድ ሲኒ ውሃ በፍሪዘሩ ውስጥ በረዶ አድርጎ በላዩ ሳንቲም ማስቀመጥ ይበጃል። ሳንቲሙ ወደ በረዶው ሰጥሞ ከተገኘ፣ ማንም ባላየበት ሰዓት ፍሪዘሩ ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል ማለት ነው። ፍሬው ተጣብቆ ከከረጢቱ ሥር የጭማቂ በረዶ ካቀረረም ምልክቱ ያው ነው። እንዲህ ያለው ፍሬ ለወፍራም መጠጥ አይሆንም። ለምን ያህል ጊዜ ቀልጦ እንደቆየ ካልታወቀ ወይም ሽታው ከተለወጠ መጣል አለበት።

አፈጫጨት

በመጀመሪያ ወተቱ፣ ከዚያ ሙዙ፣ በመጨረሻ ማንጎው ይገባል። ምላጩ ፈሳሽ ካላገኘ ደረቁን ፍሬ አይስብም። አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ለአጭር ጊዜ እያስነሱ እያጠፉ ቁርጥራጩን ከሰበሩ በኋላ፣ ሳያቋርጡ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ መፍጨት በቂ ነው። ከዚያ በላይ የምላጩ ፍትጊያ መጠጡን ያሞቀዋል።

የሞተሩ ድምፅ ቀጥኖ ከፍ ካለና ፍሬው ሳይንቀሳቀስ ከቆመ በምላጩ ዙሪያ አየር ገብቷል። በዚህ ጊዜ የሠራተኛው እጅ ወደ ወተቱ ይሄዳል፤ መጠኑ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። መፍጫውን አጥፍቶ በማንኪያ ማገላበጥ ይገባል። መፍጫው ደካማ ከሆነ ፍሬው ከመፈጨቱ በፊት አምስት ደቂቃ ያህል ከፍሪዘር ውጭ ይቆይ። የደረሰ መሆኑ የሚታወቀው ማንኪያ በላዩ ሲሳብ የቀረው መስመር ለጥቂት ሰከንድ ሳይጠፋ ሲቆይ ነው። የሚቀዳበት ብርጭቆም የቀዘቀዘ ይሁን።

ስለ ጾምና ስለ ሌሎች ፍሬዎች

በጾም ወራት ወተቱ በውሃ ይተካል፤ ነገር ግን ልክ በልክ አይደለም። የወተቱ ቅባትና ፕሮቲን ስለጎደለ ለ300 ግራም በረዶ የሆነ ማንጎ 150 ግራም ቀዝቃዛ ውሃና 50 ግራም የበሰለ አቮካዶ ይበቃል። አቮካዶው ቅባት ስላለው መጠጡን ይይዛል፤ በዚህ መጠን ጣዕሙ ከማንጎው በላይ አይወጣም። ሐብሐብ ከመቶው ከ90 በላይ ውሃ ስለሆነ ብቻውን ለወፍራም መጠጥ አይሆንም፤ ሁልጊዜ እንደ በረዶ ይንቋቋል። ፓፓያና አናናስ ከወተት ጋር ሲቀላቀሉ በውስጣቸው ያለው ኢንዛይም ፕሮቲኑን እየሰበረ መጠጡን ያመርረዋል፤ ማቀዝቀዝም ይህን አያጠፋውም። ስለዚህ ተፈጭተው ወዲያው የሚጠጡ እንጂ የሚቆዩ አይደሉም።

ማህበሩ አቅርቦቱን ሲያቅድ የሚከተለውን ሒሳብ መነሻ ማድረግ ይችላል። ከ10 ኪሎ ማንጎ ልጣጩና ፍሬው ሲወጣ 6 ኪሎ ያህል ሥጋ ይገኛል፤ በዝርያው ይለያያል። ይህ 20 ከረጢት፣ ማለት 40 ብርጭቆ ይሆናል፤ የሚያስፈልገውም ወተት 4 ሊትር ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በመጀመሪያው ቀን ልጣጩን፣ ፍሬውንና ሥጋውን ለየብቻ አስመዝኖ የማህበሩን ትክክለኛ ቁጥር ያስመዝግብ።

ተፈጭቶ ያልተሸጠ መጠጥ ወደ ፍሪዘር ተመልሶ ለነገ መቀመጥ የለበትም። ሳይነቃነቅ ሲቀዘቅዝ ትልልቅ ቅንጣት ይሠራል፤ እንደገና ቢፈጭም ወይ ይንቋቋል ወይ ይቀጥናል። የዕለቱን ትርፍ ወዲያውኑ በትንንሽ ኩባያ ቀድቶ፣ እንጨት ሰክቶበት ማቀዝቀዝና በእንጨት የሚላስ አይስክሬም አድርጎ መሸጥ ይቻላል፤ በዚያ መልክ መንቋቋቱ ጉድለት አይሆንም።