በሩ ሲዘጋ ማስታወቂያውም ይዘጋ?

ጎግል ላይ ማስታወቂያ የሚያሠራ አነስተኛ ነጋዴ ውሎ አድሮ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፤ «ሱቄ ዝግ በሆነበት ሰዓት ለምን እከፍላለሁ?» ስልክ የሚያነሳ ሰው በሌለበት ሌሊት ክሊክ በተነካ ቁጥር ገንዘብ ሲቆረጥ ማየት ያናድዳል። ስለዚህ ብዙዎች የማስታወቂያውን ሰዓት ከሱቁ የሥራ ሰዓት ጋር ልክ ለልክ አድርገው ይተዉታል። ይህ ውሳኔ አንዳንዴ ገንዘብ ያድናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቀው ደንበኛ ያሳጣዋል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የማስታወቂያውን መዝገብ በቀንና በሰዓት ከፍሎ ማንበብ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያለ አንድ የመኪና ጋራዥ እንውሰድ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ይሠራል፤ እሑድ ዝግ ነው። ማስታወቂያው ግን ቀንም ሌሊትም ይታያል። አንዲት ሴት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የመኪናዋ ፍሬን ይጮህባታል። ማታ ልጆቿን አስተኝታ ስልኳ ላይ ፍሬን የሚሠራ ጋራዥ ትፈልጋለች፤ ማስታወቂያውን ትነካለች፣ ዋጋውን ታያለች፣ ትዘጋዋለች። ሰኞ ጠዋት ወደ ዌብሳይቱ ተመልሳ ትደውላለች።

ይህ ደንበኛ የየትኛው ቀን ነው? የጋራዡ ስልክ መዝጋቢ ቢጠየቅ «የሰኞ» ይላል። የጎግል መዝገብ ግን Conversions በሚለው ዓምድ ሥር የሚጽፈው ማስታወቂያው በተነካበት ሰዓት ስለሆነ፣ ጥሪውን ለእሑድ ማታ ያስቆጥራል። ደንበኛው በትክክል የደወለበትን ሰዓት ማየት የሚፈልግ Conversions (by conv. time) የሚለውን ዓምድ ይከፍታል። ማስታወቂያውን መቼ እናብራ ለሚለው ጥያቄ የሚያገለግለው የመጀመሪያው ነው፤ ገንዘቡ የወጣው በዚያ ሰዓት ነውና። ሁለተኛው የሚጠቅመው ስልኩ አጠገብ ሰው መቼ መቀመጥ እንዳለበት ለመወሰን ነው። ሁለቱን ያምታታ ባለቤት እሑድን ይዘጋና ሰኞ ጠዋት ስልኩ ለምን ጸጥ እንዳለ ግራ ይገባዋል።

ዓምዱ ከተለየ በኋላ የሚመጣው ፈተና የቁጥር ማነስ ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ጋራዣችን በ13 ሳምንት ውስጥ 910 ክሊክ፣ በነዚያም 68 የደንበኛ ጥያቄ አገኘ እንበል። ይህ ለ168 ሰዓታት ሲከፋፈል ለአንዱ ሰዓት ግማሽ ጥያቄ እንኳ አይደርሰውም። ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በሦስት ወር ውስጥ 9 ክሊክ ታይቶ አንድም ጥያቄ ባይመጣ፣ ሰዓቱ ክፉ ነው ማለት አይቻልም። ከ10 ክሊክ አንዱ ወደ ጥያቄ በሚለወጥበት ጋራዥ እንኳ፣ 9 ክሊክ ባዶ የሚሆንበት አጋጣሚ ከአምስት ሁለት ጊዜ ያህል ነው። እንዲህ ያለውን ሰዓት እየለቀመ የሚዘጋ ሰው ሳንቲም ወርውሮ እንደሚወስን ነው።

መፍትሔው ሰዓቶቹን ትርጉም ባላቸው ጥቂት ክፍሎች መሰብሰብ ነው። ለጋራዣችን አራት ይበቃሉ። በሥራ ሰዓት 500 ክሊክ፣ በ2,000 ዶላር፣ 50 ጥያቄ አስገኝቷል፤ አንዱ ጥያቄ 40 ዶላር ፈጅቷል። ሱቁ ተዘግቶ ሰው ገና ባልተኛበት ወይም በማለዳ በነቃበት ሰዓት 160 ክሊክ፣ በ640 ዶላር፣ 12 ጥያቄ መጥቷል፤ አንዱ 53 ዶላር ገደማ። እሑድ ቀንና ምሽት 100 ክሊክ፣ በ400 ዶላር፣ 5 ጥያቄ፤ አንዱ 80 ዶላር። ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ያለው ሌሊት ደግሞ 150 ክሊክና 600 ዶላር በልቶ ያመጣው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

አሁን መለኪያ ያስፈልጋል። አንድ ጥገና ከዕቃና ከጉልበት ወጪ በኋላ 200 ዶላር የሚያስቀር ከሆነ፣ ከጠየቁት ሰዎች ደግሞ ግማሹ መኪናቸውን ካመጡ፣ አንድ ጥያቄ 100 ዶላር ያወጣል። በዚህ መለኪያ ምሽቱ በሩ ዝግ ቢሆንም በደንብ ያተርፋል፤ ይቀጥል። ሌሊቱ ወጪውን ለመመለስ 6 ጥያቄ ያስፈልገው ነበር፤ ያመጣው አንድ በመሆኑ ልዩነቱ በዕድል የሚሳበብ አይመስልም፤ ይዘጋ። እሑድ አፋፍ ላይ ነው። ኪሳራ እንዳይሆን 4 ጥያቄ ያስፈልገዋል፣ ያለው 5 ነው፤ በሚቀጥሉት ወራት 3 ሊሆንም 8 ሊሆንም ይችላል። ስልክ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ሰኞ የሚደውሉ ሰዎች በመዝገቡ ላይታዩ ስለሚችሉ የእሑድ እውነተኛ ድርሻ ከተቆጠረው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ እሑድን ለጊዜው ማቆየት ይሻላል።

ሱቁ በተዘጋበት ሰዓት የሚመጣውን ጥያቄ ከማመን በፊት ግን አንድ ነገር መፈተሽ አለበት። ጎግል ስልክ ጥሪን እንደ ውጤት የሚቆጥረው ከተወሰነ ርዝመት ሲያልፍ ነው፤ ባለቤቱ ካልለወጠው ልኩ 60 ሰከንድ ነው። የጋራዡን የድምፅ መልእክት ሰምቶ፣ መልእክት ትቶ የዘጋ ሰው ይህን ልክ በቀላሉ ያልፋል። በመዝገቡ ውጤት የተባለው፣ ማንም ያልመለሰለት ጥሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምሽት ጥሪዎችን ሰዓትና ርዝመት አውጥቶ ከሥራ ደብተሩ ጋር ማመሳከር ያሻል። መልእክት ትተው የጠፉ ከበዙ፣ የስልክ ቁልፉ ብቻ በሥራ ሰዓት እንዲታይ ማድረግ ይቻላል፤ ማስታወቂያው ራሱ ሳይጠፋ የምሽቱ ደንበኛ ወደ ፎርሙ ይሄዳል። ፎርሙ ጠዋት በሩ እንደተከፈተ መልስ ካላገኘ ግን የምሽቱ ትርፍ ሁሉ ይተናል።

ሰዓቱ የሚሞላው Ad schedule በሚባለው ገጽ ነው። እዚህ ላይ ለእኛ ሰው ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው አቆጣጠር ነው፤ የጠዋቱ 2 ሰዓት እዚያ 8:00 AM ተብሎ ይገባል። ሁለተኛው ስርዓቱ የሚከተለው አካውንቱ የተከፈተበትን የሰዓት ክልል መሆኑ ነው። አካውንቱ በአዲስ አበባ ሰዓት ተከፍቶ ከሆነ፣ ከ8:00 AM እስከ 6:00 PM የተባለው ማስታወቂያ በበጋ ሜሪላንድ ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ይጠፋል። ማስታወቂያው ቀኑን ሙሉ ሲታይ በቆየ አካውንት ይህ ስህተት ቶሎ ይታወቃል፤ መዝገቡ ላይ ክሊክ የሚበዛው ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ሆኖ ይገኛል።

ሌላው ዋጋን በሰዓት ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው። ባለቤቱ የክሊክ ዋጋውን በእጁ የሚተምን ከሆነ፣ እሑድን ሳይዘጋ 20 በመቶ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ዋጋውን ጎግል ራሱ ውጤት እያሰላ እንዲተምን ከፈቀደለት ግን፣ ለምሳሌ Maximize conversions ላይ፣ ይህ ማስተካከያ አይሠራም፤ ስርዓቱ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ከግምት ያስገባል። የተዘጋ ሰዓት ግን በሁለቱም መንገድ ዝግ ሆኖ ይቆያል።

ሌሊቱ ከተዘጋ በኋላ በሚቀጥሉት 13 ሳምንታት የሚታየው የጠቅላላው ጥያቄ ብዛት ነው። ጥያቄው ሳይቀንስ ወጪው ከወረደ ውሳኔው ልክ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚደውለው ሰው ከቀነሰ ግን ሌሊቱ በመዝገብ ያልታየ ሥራ ይሠራ ነበርና ይከፈት።