ሰብስክራይብ ያደረገ ሁሉ ለምን አይሰማም?

«ሰብስክራይብ አድርጉ፣ የደወሏን ምልክት ተጫኑ» የማይል የአማርኛ ዩቲዩብ ቻናል ማግኘት ያስቸግራል። ብዙ ተመልካች ግን የመጀመሪያውን አድርጎ ሁለተኛውን ይተወዋል። ሰብስክራይብ ካደረገ፣ ቻናሉ አዲስ ቪዲዮ በጫነ ቁጥር ስልኩ የሚነግረው ይመስለዋል። አሠራሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

ሰብስክራይብ ማድረግ የቻናሉ ቪዲዮዎች Subscriptions በሚለው ገጽ ላይ እንዲሰለፉ ያደርጋል። መልእክት ወደ ስልክ መላክ አለመላኩን የሚወስነው ደወሉ ሲሆን፣ እሱም ሦስት ምርጫ አለው። All የተባለው ስለ ሁሉም ቪዲዮ ያሳውቃል፤ None ምንም አያሳውቅም። ሰውየው ምንም ካልነካ የሚመደብለት ሦስተኛው፣ Personalized ነው። በዚህኛው የትኛውን ቪዲዮ ማሳወቅ እንዳለበት የሚመርጠው ዩቲዩብ ራሱ ነው። ተመልካቹ ምን እንደሚያይና ምን እንደሚያልፍ ተከታትሎ፣ ቻናሉን አዘውትሮ ለሚያየው ደጋግሞ ይልካል፤ ችላ ላለው ደግሞ ዝም ይላል።

ቁጥሩን በምሳሌ እንየው። 100,000 ሰብስክራይበር ያለው ቻናል ባለቤት YouTube Studio ከፍቶ Analytics፣ ቀጥሎም Audience ውስጥ ሲገባ ስለ ደወሉ ሁለት አኃዝ ያገኛል። የመጀመሪያው All የመረጡትን ያሳያል፤ ዩቲዩብ እንደሚለው በአብዛኛው ከ10 እስከ 30 በመቶ ነው። ሁለተኛው ደግሞ All መርጠው መሣሪያቸውም መልእክት እንዲቀበል የፈቀዱትን ይቆጥራል፤ ይህ ከ5 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። የእኛ ቻናል 20 እና 10 በመቶ አለው እንበል። ከመቶ ሺው ሰው ስለ እያንዳንዱ ቪዲዮ በስልኩ እንዲነገረው በሩን ከፍቶ የተቀመጠው አሥር ሺው ብቻ ነው ማለት ነው።

ደወሉን ተጭነው በመሃል የቀሩት አሥር ሺዎች ምን ሆኑ? አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ስልካቸው ላይ ነው። አይፎን አንድ መተግበሪያ መልእክት ከማሳየቱ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል፤ አንድሮይድም በ2022 ከወጣው 13ኛ ዕትሙ ጀምሮ እንዲሁ ያደርጋል። ብዙ ሰው መተግበሪያውን እንደከፈተ ብቅ የሚለውን ጥያቄ በችኮላ «አልፈቅድም» ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ በኋላ ደወሉን መቶ ጊዜ ቢጫን ስልኩ አይጮህም። በሌላ ኢሜይል፣ ለምሳሌ በቤቱ ቴሌቪዥን ላይ በተከፈተው አካውንት፣ ሰብስክራይብ ያደረገም ስልኩ የተከፈተው በራሱ አካውንት ከሆነ አይሰማም።

ፈቃዱ ቢኖርም መልእክቱ መንገድ አለው። ከዩቲዩብ ተነስቶ በጎግል ወይም በአፕል የመልእክት አገልግሎት በኩል ወደ ስልኩ የሚደርሰው ኢንተርኔት ሲኖር ነው። ዳታውን ዘግቶ የሚውልና ማታ ጥቅል ገዝቶ የሚከፍት ሰው የጠዋቱን ማሳወቂያ የሚያገኘው ማታ ነው። ባትሪ ለመቆጠብ የተዘጋጀ ስልክም እንዲሁ ሊያዘገየው ይችላል። ዩቲዩብ ራሱ ደግሞ ድምፅና ንዝረት የሚያጠፋበት ሰዓት አለው፤ ካልተቀየረ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት የተጫነ ቪዲዮ፣ በበጋ ወራት ዋሽንግተን ላይ የሚደርሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ተመልካቹ ጠዋት ሲነሳ ከሌሎች መልእክቶች ሥር ተቀብሮ ያገኘዋል።

ምክንያቱ ከቻናሉ በኩል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ዩቲዩብ ከአንድ ቻናል ለአንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ስለ አዲስ ቪዲዮና ስለ ቀጥታ ስርጭት የሚልከው ቢበዛ ሦስት ማሳወቂያ ነው። በቀን ስድስት ዜና የሚጭን ቻናል የቀሩት ሦስቱ All ለመረጠውም ሰው ሳይነገሩ ያልፋሉ። ለሕፃናት ተብሎ ለተመዘገበ ቪዲዮ ደግሞ ጭራሽ አይላክም። ሲጫን ሰብስክራይበሮችን አሳውቅ የሚለው ሳጥን ምልክቱ ከተነሳም ውጤቱ ያው ነው።

ታዲያ ጉድለቱ የት እንዳለ በምን ይታወቃል? ቪዲዮው ሲያመልጥዎ ዩቲዩብን ከፍተው የደወሉን ዝርዝር ይመልከቱ። ማሳወቂያው እዚያ ካለና ስልኩ ካልነገርዎ፣ የስልኩን የፈቃድ ሴቲንግ ያስተካክሉ። እዚያም ከሌለ ወደ ቻናሉ ገጽ ይሂዱ፤ ደወሉ ዙሪያውን የመንቀጥቀጥ መስመሮች ካሉት All ላይ ነው፤ ባዶ ደወል ከሆነ Personalized ላይ ስለሆነ ይቀይሩት። All ሆኖም ካልመጣ፣ ቻናሉ የዕለቱን ሦስት ማሳወቂያ ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቪዲዮውን የሚያገኙት Subscriptions ገጽ ላይ ነው፤ እሱ በደወሉ ምርጫም ሆነ በስልኩ ፈቃድ አይወሰንም።