የእንግሊዝኛ ርዕስ በአማርኛ እንዲፈለግ

ብዙ ቁልፍ ቃል የታጨቀበት የእንግሊዝኛ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ መጀመሪያ የሚለየው አንባቢው ራሱ በመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ የሚጽፈው ሐረግ ነው። «ሃው ቱ ሪኒው አን ኢትዮጵያን ፓስፖርት ኦንላይን፦ ሪኳየርመንትስ ኤንድ ፊስ» የሚለውን ርዕስ እንውሰድ። ቃል በቃል ሲተረጎም «የኢትዮጵያን የይለፍ ሰነድ በበይነ መረብ እንዴት ማሳደስ እንደሚቻል፦ መስፈርቶችና ክፍያዎች» ይሆናል። ሰዋስው አልጎደለውም፤ ነገር ግን ፓስፖርቱን ሊያድስ የተነሳ ሰው «የይለፍ ሰነድ» ብሎ አይፈልግም። «እንዴት… እንደሚቻል» የሚለው ቅርጽም የእንግሊዝኛውን አረፍተ ነገር ተሸክሞ የመጣ ነው።

ሰው የሚጽፈውን ለማወቅ «ፓስፖርት» ብሎ ጀምሮ የፍለጋ ሞተሩ የሚያቀርባቸውን ማሟያዎች ማየት ይጠቅማል። «ፓስፖርት ለማደስ» ከተመረጠ ሁለቱ ቃላት ተያይዘው ይቀመጣሉ። አስቸጋሪው እዚህ ላይ ነው፤ የአማርኛ ግስ መጨረሻ ስለሚመጣ በስምና በግስ መካከል ሌላ ቃል በቀላሉ ይገባል። «ፓስፖርት በኦንላይን ለማደስ» ሲባል ሐረጉ ይሰነጠቃል። «ለፓስፖርት እድሳት» ሲባል ደግሞ «ለ» ከስሙ ጋር ይጣበቃል፤ የቃሉን ቅርጽ ብቻ የሚያነጻጽር ፍለጋ ሊስተው ይችላል።

ስለዚህ የተሻለው «ፓስፖርት ለማደስ ምን ያስፈልጋል? የኦንላይን ማመልከቻና ክፍያ» ነው። ሐረጉ ፊት ላይ ስላለ በስልክ ጠባብ ገጽ የርዕሱ ጫፍ ቢቆረጥ እንኳ ይታያል፤ ጥያቄውም ሰው ጎረቤቱን እንደሚጠይቅ ነው። «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል በጽሑፉ የመጀመሪያ አረፍተ ነገር ውስጥ ይገባል። «ፖስፖርት» የመሰለው ሌላ አጻጻፍ ግን ከርዕሱ ጋር አይደረብም፤ ድግግሞሹ ለዓይን ይጎረብጣል።