ተጨማሪ መረጃ፦ መምህር በሌለበት ድርሰትን ማረም

የልምምድ ድርሰታችሁን የሚያርምላችሁ መምህር ካላገኛችሁ በእርማት መስፈርት ራሳችሁ ልታርሙት ትችላላችሁ። የእርማት መስፈርት አራሚው ነጥብ የሚሰጥባቸው ጉዳዮች ዝርዝር ነው፤ ለምሳሌ የአንቀጽ አንድነት፣ የሐሳብ ቅደም ተከተልና ሥርዓተ ነጥብ።

ጸሐፊ የራሱን ጽሑፍ ሲያርም ወረቀቱ ላይ ያለውን ትቶ ሊል ያሰበውን ስለሚያነብ ለሁሉም መስፈርት «አዎ» ማለት ይቀናዋል። ስለዚህ ድርሰቱን አንድ ቀን አሳድሩት። ስታርሙም ማስረጃውን ከጽሑፉ ላይ ሳታሰምሩበት የ«✓» ምልክት አታድርጉ።

«አንቀጹ አንድነት አለው?» ለሚለው መስፈርት መጀመሪያ ኃይለ ቃሉን፣ ማለትም የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዘውን ዓረፍተ ነገር አስምሩበት። ኃይለ ቃሉ «የደን መጨፍጨፍ አፈርን ለመሸርሸር ያጋልጣል» የሚል ነው እንበል። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ «ይህ አፈሩ ለምን እንደሚሸረሸር ያስረዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። «የዛፍ ሥር አፈሩን አጥብቆ ይይዛል» የሚለው ያስረዳል። «ደን ጎብኚዎችን ይስባል» የሚለው ግን እውነት ቢሆንም ጥያቄውን ስለማይመልስ ይሰረዛል ወይም ወደ ሌላ አንቀጽ ይዛወራል።

ሞክሩት፦ በቅርቡ ከጻፋችሁት ድርሰት አንድ አንቀጽ መርጣችሁ በዚህ መንገድ አርሙ። ከዚያም ያንኑ አንቀጽ ያልታረመ ቅጂ ለጓደኛችሁ ስጡና ያሰመረበት ኃይለ ቃል ከእናንተ ጋር አንድ መሆኑን አመሳክሩ።